«አስተማሪ» እና «አስተማሪዎች»፦ ሁለት ቅጥያዎች፣ ሁለት ዓይነት ሥራ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። በእንግሊዝኛ «ቲች» የሚለው ግሥ «ኧር» የሚል ቅጥያ ሲጨመርበት «ቲቸር» ይሆናል። በዚህ ላይ ደግሞ «ስ» ወይም «ዝ» ተብሎ የሚሰማው የብዙ ቁጥር ቅጥያ ሲጨመር «ቲቸርዝ» ይሆናል። በአማርኛም «አስተማረ» ከሚለው ግሥ «አስተማሪ»፣ ከ«አስተማሪ» ደግሞ «አስተማሪዎች» ይገኛል። ላይ ላዩን ሲታይ የተደረገው ነገር አንድ ነው፤ በቃሉ መጨረሻ ላይ አንዲት ታናሽ ምዕላድ ተቀጥላለች። የሥነ ልሳን ሊቃውንት ግን የመጀመሪያውን ቅጥያ «የምሥረታ»፣ ሁለተኛውን «የእርባታ» ብለው ይለያሉ። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ልዩነት በቋንቋው ውስጥ በእርግጥ ያለ ነው ወይስ ለምደባ ያህል እኛ ያመጣነው ነው? የሚል ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ልዩነቱ አለ፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን በምንፈልገው ቦታ፣ ማለትም በቅጥያው ድምፅ ወይም ቅርፅ ላይ አይገኝም። የሚገኘው ቅጥያው በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። ምሥረታ አዲስ ቃል ይፈጥራል። እርባታ ደግሞ ያለውን ቃል ለሚገባበት ዐረፍተ ነገር የሚስማማ መልክ ይሰጠዋል። «አስተማሪ» ከ«አስተማረ» የተለየ ሌላ ቃል ነው፤ «አስተማሪዎች» ግን ያው «አስተማሪ» የተባለው ቃል በሌላ መልኩ ነው።

በመጀመሪያ ድምፅ መሪ እንደማይሆን ላሳይ። እንግሊዝኛ ራሱ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ይሰጠናል። በ«ቲቸር» ውስጥ ያለው «ኧር» በ«ፋስተር» ውስጥም አለ፤ የኋለኛው «ይበልጥ ፈጣን» ማለት ነው። ድምፁ አንድ ሲሆን የመጀመሪያው ስም መሥራች፣ ሁለተኛው የንጽጽር እርባታ ነው።

አማርኛ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ማስረጃ አለው። አድራጊን የሚያመለክተው የምሥረታ ቅጥያ «ኢ» ነው፤ «አስተማር» ከሚለው አምድ ጋር ሲገናኝ «አስተማሪ» ይላል። አምዱ በአንዳንድ ተነባቢዎች ሲያልቅ ግን ይህ «ኢ» ተነባቢውን ይለውጠዋል። ከ«ከፈተ» «ከፋች»፣ ከ«ከፈለ» «ከፋይ»፣ ከ«ለመነ» «ለማኝ»፣ ከ«ወረሰ» «ወራሽ» ይገኛል። «ት» ወደ «ች»፣ «ል» ወደ «ይ»፣ «ን» ወደ «ኝ»፣ «ስ» ወደ «ሽ» ተለውጠዋል፤ ቅጥያው ራሱም ብዙ ጊዜ በተነባቢው ውስጥ ተውጦ አይሰማም። አሁን ደግሞ አንዲትን ሴት ስናዝ የምንጠቀምበትን ቅርፅ ተመልከቱ። ለወንድ «ክፈት»፣ ለሴት «ክፈች» እንላለን፤ ለወንድ «ክፈል»፣ ለሴት «ክፈይ»፤ ለወንድ «ለምን»፣ ለሴት «ለምኝ»፤ ለወንድ «ውረስ»፣ ለሴት «ውረሽ»። እዚህም ያለው ቅጥያ «ኢ» ነው፤ ያስከተለው የድምፅ ለውጥም በእያንዳንዱ ተነባቢ ላይ አንድ ዓይነት ነው።

ስለዚህ «ከፋይ» እና «ክፈይ» በሚሉት ቃላት መጨረሻ ላይ የሚገኙት ሁለት ምዕላዶች በድምፅ አይለያዩም፤ ከአምዱ ጋር የመዋሐድ መጠናቸውም እኩል ነው። ሆኖም አንዱ ከግሥ ስም መሥርቷል፤ ሌላው ግሡን ለአንዲት ሴት አድማጭ አርብቷል። ልዩነቱን በጆሮ ብቻ የሚፈልግ ሰው በዚህ ቦታ መንገዱ ይዘጋበታል። ሌላ መፈተኛ ያስፈልገናል።

የምተማመንበት የመጀመሪያው መፈተኛ «ቅጥያውን ማን ጠየቀው?» የሚል ነው። «አልማዝ፣ ሂሳቡን ክፈይ» ስንል «ኢ» የመጣው በእኛ ምርጫ አይደለም። የምናነጋግራት አንዲት ሴት ስለሆነች ሰዋስው ያስገድደናል፤ «አልማዝ፣ ሂሳቡን ክፈል» ብንል አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ጆሮውን ይቆረቁረዋል። በ«አስተማሪው መጣ» ውስጥ ያለውን አድራጊ አመልካች «ኢ» ግን ከቃሉ ውጪ የሚጠይቀው ምንም ነገር የለም። በ«አስተማሪው» ቦታ «ሰውየው»፣ «ንጉሡ»፣ «ልጁ» ብንተካ ዐረፍተ ነገሩ ቅንጣት አይናጋም። «መጣ» የሚለው ግሥ የሚፈልገው ነጠላ ተባዕታይ ባለቤት ነው፤ ያ ስም ከግሥ ይመሥረት ወይም ከጥንቱም ስም ይሁን ግድ የለውም።

አሁን «አስተማሪዎቹ መጡ» የሚለውን እንይ። በ«አስተማሪዎቹ» ቦታ «ልጁ» ብንተካ «ልጁ መጡ» ይሆናል፤ ይህም አንቱ ካላልነው በስተቀር አይሆንም። መተካት የምንችለው «ልጆቹ»፣ «ሰዎቹ»፣ «መምህራኑ» በሚሉ ብዙ ቁጥር ባላቸው ስሞች ብቻ ነው። የ«ኦች» ሥራ በቃሉ ውስጥ አልቆ አልቀረም፤ ወደ ግሡ ተሻግሮ «መጡ» አሰኝቷል። የአስተማሪነት ምልክት የሆነው «ኢ» ግን ተሻግሮ የሚቀይረው ነገር የለም። በየትኛውም የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱ አድራጊ ስም በመሆኑ ብቻ መልኩን የሚለውጥ ግሥ አይገኝም። ይህ ነው ሁለቱን በዓይነት የሚለያቸው፤ አንዱ ለመዝገበ ቃላቱ ይሠራል፣ ሌላው ለዐረፍተ ነገሩ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ ዘወትር ስለሚጽፉት አንድ መልስ ላንሣ። «ምሥረታ የቃል ክፍልን ይለውጣል፣ እርባታ አይለውጥም» ይላሉ። ይህ ለ«አስተማሪ» ይሠራል፤ ግሥ ስም ሆኗልና። ግን «ፈረስ» ስም ነው፣ «ፈረሰኛ»ም ስም ነው፤ «ልጅ» ስም ነው፣ «ልጅነት»ም ስም ነው። የቃል ክፍሉ አልተለወጠም፤ ነገር ግን ፈረሰኛው ፈረስ አይደለም፣ ልጅነትም ልጅ አይደለም። አዲስ ቃል ተፈጥሯል። የቃል ክፍል መለወጥ የምሥረታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ አለመለወጡ ግን የእርባታ ማረጋገጫ አይደለም።

ሁለተኛው መፈተኛ ትርጉምን ይመለከታል። ከአዲስ ቃል መፈጠር ጋር የሚመጣ አንድ ጠባይ አለ፤ ቃሉ ከተወለደ በኋላ የራሱን ኑሮ ይኖራል። «ጸሐፊ» በቅርፁ የሚጽፍ ሰው ማለት ነው። ነገር ግን የአንድ ድርጅት ዋና ጸሐፊ ሥልጣን ያለው ሹም እንጂ ከሌሎች ይልቅ ብዙ የሚጽፍ ሰው አይደለም። «ተማሪ» የሚማር ሰው ነው፤ ሆኖም በሰባ ዓመታቸው መኪና መንዳት የሚማሩትን አያት «ተማሪ ናቸው» ብለን በሙያ ስም አንጠራቸውም። «ቤተኛ» ቤት ያለው ሰው አይደለም፤ በሰው ቤት እንደ ቤቱ የሚገባና የሚወጣ ነው። «ሰውነት» ደግሞ ሰው መሆንን ብቻ ሳይሆን የሚታጠበውንና የሚታመመውን አካል ይጠራል። በእንግሊዝኛም «ኩከር» የተባለው ቃል የሚያበስል ሰው መሆን ሲገባው በብሪታንያ የምድጃ ስም ሆኗል፤ የሚያበስለው ሰው «ኩክ» ተብሎ ቀርቷል።

የምሥረታ ቅጥያዎች የሚዘሏቸው ቃላትም አሉ። ከ«ፈረስ» «ፈረሰኛ»፣ ከ«እግር» «እግረኛ» ካልን ከ«መኪና» «መኪነኛ» ማለት የሚከለክለን ምንድን ነው? ምንም የድምፅ ሕግ አይከለክለንም፤ ግን አንልም። «ባለመኪና» ወይም «ሾፌር» እንላለን። የ«ኧኛ» ስሞች ከእያንዳንዱ ቃል ጋር የሚማሯቸው እንጂ እንዲሁ የሚገምቷቸው አይደሉም። ብዙ ቁጥርን ግን ማንም ቃል በቃል አልተማረም። «ሞባይል» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ በገባ ዕለት «ሞባይሎች»ም አብሮ ገብቷል፤ አንድ ሰው ከዚያ በፊት ሰምቶት መሆን አላስፈለገውም። ትርጉሙም ያለ ጥርጥር ይታወቃል፤ ከአንድ በላይ የሆነ ሞባይል።

ሦስተኛው መፈተኛ የቅደም ተከተል ነው። ጆሴፍ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1963 ሠላሳ ቋንቋዎችን አነጻጽሮ ባወጣው ዝነኛ ጥናት ውስጥ 28ኛው መርሕ እንዲህ የሚል ሐሳብ አለው፤ ምሥረታና እርባታ ሁለቱም ከሥሩ በኋላ ወይም ሁለቱም ከሥሩ በፊት የሚመጡ ከሆነ፣ የምሥረታው ቦታ ምንጊዜም በሥሩና በእርባታው መካከል ነው። እንግሊዝኛ «ቲቸርዝ» ይላል እንጂ የብዙ ቁጥሩን ምልክት አስቀድሞ «ቲችዘር» አይልም።

በአማርኛ አንድ ረዘም ያለ ቃል ፈትተን እንየው፤ «አስተማሪዎቻችንን» የሚለውን። መነሻው «አስተማር» የሚለው የግሥ አምድ ነው። ቀጥሎ አድራጊን የሚመሠርተው «ኢ» መጣና «አስተማሪ» ሆነ። ከዚያ የብዙ ቁጥሩ «ኦች» ተከተለ፤ «አስተማሪ» በአናባቢ ስለሚያልቅ በመካከል «ው» ገብቶ «አስተማሪዎች» አለ። ቀጥሎ የባለቤትነቱ «አችን» መጣና «አስተማሪዎቻችን» ሆነ። በመጨረሻም ተሳቢነትን የሚያሳየው «ን» ተጨመረ። ከአምዱ ወደ ውጪ በወጣን ቁጥር ቅጥያዎቹ ከቃሉ ትርጉም እየራቁ ወደ ዐረፍተ ነገሩ ይቀርባሉ። «ኢ» አዲስ ቃል ሠራ፤ «ኦች» ስንት እንደሆኑ ተናገረ፤ «አችን» የማን እንደሆኑ ነገረን፤ «ን» ደግሞ ስለ አስተማሪዎቹ ምንም ሳይናገር በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያላቸውን ቦታ ብቻ አሳየ።

ቅደም ተከተሉን ለማፋለስ ብንሞክር ምን ይሆናል? የምሥረታው «ነት» በ«አስተማሪ» ላይ ያለ ችግር ይቀጠላል፤ «የአስተማሪነት ሙያ» እንላለን። «ሙያው የብዙዎች ነው» ብለን «የአስተማሪዎችነት ሙያ» ለማለት ብንሞክር ግን ቃሉ አልሆን ይለናል። እርባታው በሩን ከዘጋ በኋላ ምሥረታ ተመልሶ አይገባም። በምሥረታ ላይ ምሥረታ ሲደረብ ግን እንዲህ ዓይነት ክልከላ የለም፤ «ኀይል»፣ «ኀይለኛ»፣ «ኀይለኛነት» እያልን እንወጣለን፤ ከዚያም በእርባታ «ኀይለኛነቱን» ብለን እንዘጋዋለን።

እስካሁን ያልኩት ነገሩን ንጹሕ መስመር አስመስሎታል። አሁን መስመሩ የሚደበዝዝባቸውን ቦታዎች ማሳየት ይገባኛል።

የመጀመሪያው ቦታ ራሱ የአማርኛ ብዙ ቁጥር ነው። «እርባታን ሰዋስው ያስገድደዋል» ብያለሁ። ነገር ግን «ሦስት ሰዎች መጡ» እንደምንል ሁሉ «ሦስት ሰው መጣ» እንላለን፤ «ሁለት ልጅ አለኝ» ያለ እናት ሰዋስው አላፈረሰችም። «ሦስት» የሚለው ቁጥር «ኦች»ን አያስገድድም። እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው፤ ከሦስት በኋላ የብዙ ቁጥር ምልክቱን መጣል አይፈቅድም። እንግዲህ የአማርኛው «ኦች» እርባታ አይደለምን? ነው፤ ምክንያቱም አንዴ ከመረጥነው በኋላ መዘዙ ከስሙ ይወጣል። «ሦስት ሰዎች» ካልን «መጣ» ማለት አንችልም፤ «መጡ» ማለት ግድ ይሆናል። መምረጡ በእጃችን ነው፤ ከመረጥን በኋላ ያለው ስምምነት ግን በእጃችን አይደለም።

ሄርት ቦይ የተባለው የኔዘርላንድስ ሊቅ በ1990ዎቹ ያቀረበው ክፍፍል እዚህ ይጠቅመናል። እርባታ ራሱ ሁለት ነው ይላል። አንደኛው ተናጋሪው ለትርጉም ሲል የሚመርጠው ሲሆን የስም ብዙ ቁጥር ምሳሌው ነው። ሌላው ዐረፍተ ነገሩ ብቻ የሚያዝዘው ሲሆን የግሥ ስምምነትና የ«ን» ዓይነቱ የሙያ ምልክት ምሳሌዎቹ ናቸው። የመጀመሪያው ዓይነት ለምሥረታ ይጎራበታል፤ ስለዚህም አልፎ አልፎ የምሥረታ ጠባይ ይታይበታል። «አባቶች» የሚለውን አስቡ፤ የብዙ ልጆች ወላጆች ብቻ ሳይሆን ያለፈው ትውልድ ማለትም ይሆናል። ትርጉሙ በጥቂቱ ከ«አባት» ርቋል። «ን» ግን እንዲህ ያለ የራሱ ኑሮ ኖሮት አያውቅም።

ሁለተኛው ቦታ ከግዕዝ የወረስነው ብዙ ቁጥር ነው። «መዝገበ ቃላት» አንድ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ «ቃላት» የሚል ብዙ ቁጥር አለ። «ቤተ መጻሕፍት»ም እንዲሁ አንድ ቤት ሆኖ ብዙ መጻሕፍትን በስሙ ይዟል። በሁለቱም እርባታው ከውስጥ፣ የቃሉ መፈጠር ከውጪ ሆኗል። ብዙ ተናጋሪዎች በዚህ ላይ «ኦች» ጨምረው «ቤተ መጻሕፍቶች» ይላሉ። «መምህራኖች» እና «ካህናቶች» የሚሉትም ይሰማሉ፤ ሰዋሰው ጠባቂዎች ብዙ ቁጥር በብዙ ቁጥር ላይ ተደረበ ብለው ይቆጣሉ። ለእኛ ግን ይህ «ስሕተት» ማስረጃ ነው። ተናጋሪው በ«መምህራን» ውስጥ ያለውን «ኣን» እንደ ሕያው እርባታ አይሰማውም፤ ከቃሉ ጋር አንድ ላይ የተማረው የአምዱ አካል ሆኖበታል። ሕያው ሆኖ የሚሰማው የብዙ ቁጥር ምልክት «ኦች» ስለሆነ እሱን ይጨምራል። ስለዚህ ግዕዛዊው ብዙ ቁጥር የግሪንበርግን ቅደም ተከተል የጣሰ በሚመስልባቸው ቃላት ውስጥ፣ ለዛሬው ተናጋሪ ሙሉ እርባታ መሆኑ ራሱ ያጠራጥራል።

ይህን ልዩነት ማወቅ የሚጠይቀን ተግባር አለና በእሱ ልደምድም። ከእናንተ መካከል መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ወይም የጽሑፍ ስብስብ ላይ ምዕላድ እየለየ ምልክት የሚያደርግ ሰው በየቀኑ ይህን ውሳኔ መወሰን አለበት። ሁሉንም «ድኅረ ቅጥያ» በሚል አንድ ምልክት ቢያልፋቸው ሁለት ጉዳት ይከተላል። በአንድ በኩል «አስተማሪ»፣ «አስተማሪዎቹ» እና «አስተማሪዎቻችንን» ሦስት ቃላት ሆነው ይቆጠሩና የቋንቋው የቃላት ብዛት በሐሰት ያብጣል። በሌላ በኩል «ኢ»ን እንደ «ኦች» ገፍፎ «አስተማሪ»ን በ«አስተማረ» ሥር ቢሰውረው፣ «ጸሐፊ»ን «ጻፈ» በሚለው ውስጥ የሚፈልግ አንባቢ የድርጅቱን ሹም ትርጉም ሳያገኝ ይቀራል። «ቤተኛ»ን በ«ቤት» ሥር ያለ ማብራሪያ ቢተወውም አንባቢው ባለቤት ነው ብሎ ይረዳዋል።

ስለዚህ አጠራጣሪ ቅጥያ ሲገጥማችሁ ሦስቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል አንሡ። ከቃሉ ውጪ ያለ ሌላ ቃል በዚህ ቅጥያ ምክንያት መልኩን ይለውጣልን? ወይም ቅጥያውን የሚያዝዘው ከቃሉ ውጪ ያለ ነገር ነውን? ትርጉሙ ሳይሰሙት ይታወቃልን፣ ወይስ ቃሉን ለብቻው መማር ያስፈልጋል? ከእሱ በኋላ «ነት»ን የመሰለ መሥራች ቅጥያ መግባት ይችላልን? ለ«አስተማሪ» «ኢ» መልሶቹ በተራቸው «አይለውጥም፣ የሚያዝዘውም የለም»፣ «መማር ያስፈልጋል» እና «ይችላል» ናቸው። ለ«አስተማሪዎች» «ኦች» ደግሞ «ይለውጣል»፣ «ሳይሰሙት ይታወቃል» እና «አይችልም» ናቸው። ሦስቱም መልሶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ያለ ስጋት ወስኑ። ሲለያዩ ደግሞ ቃሉን በግድ ከአንዱ ወገን አታስገቡት፤ መልሶቹ የት ላይ እንደተለያዩ መዝግቡ። ብዙ ጊዜ ቋንቋው እየተለወጠ ያለው እዚያው ቦታ ላይ ነውና።